መኪናው የት ይደር? አከራይ በግቢ ስብሰባ ላይ የሚያደርገው ንግግር

አከራይ ለተከራዮቹ ስብሰባ የሚያደርገው ንግግር ዋና ሥራው እስከ ዛሬ በይሉኝታና በ«ቀድሞ የመጣ ያዘው» ሲተዳደር የኖረን ሜዳ በመስመርና በሰዓት እንዲተዳደር ማድረግ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የብረት በር የሚጋሩ አምስትና ስድስት ቤተሰቦች ማግኘት የተለመደ ነው። ባለቤቱ ፎቁ ላይ ይኖራል፤ ምድር ቤቱ ተከራይቷል፤ ከኋላ የተደረደሩት ሰርቪስ ክፍሎችም እያንዳንዳቸው ቤተሰብ ይዘዋል። ክፍሉ የየራስ ነው። በሩ፣ መተላለፊያው፣ ቧንቧው፣ የልብስ ማስጫው ገመድና መኪና የሚቆምበት ሜዳ ግን የሁሉም ነው። በአከራይና በተከራይ፣ ከዚያም አልፎ በተከራይና በተከራይ መካከል አብዛኛው ቅሬታ የሚወለደው ከዚህ የጋራ ክፍል ነው።

ንግግሩ ከመታሰቡ በፊት ሜዳው በሜትር መለካት አለበት። ብዙ የግቢ ደንብ የሚፈርሰው ሰዎች እምቢተኛ ስለሆኑ ሳይሆን ደንቡ ሜዳው የማይችለውን ስለሚያዝ ነው። ነገሩን በአንድ የምሳሌ ግቢ ማየት ይቻላል። ግቢው ስድስት ተከራይ ቤተሰቦች አሉት፤ አከራይዋ በዕድሜ የገፉ እናት ሲሆኑ ፎቁ ላይ ይኖራሉ። ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው ሜዳ ወርዱ 10 ሜትር፣ ቁመቱ 11 ሜትር ነው። በሩ መሐል ላይ ሆኖ 3 ሜትር ተኩል ይሰፋል፤ ሁለቱ ተካፋቾቹ ወደ ውስጥ ይከፈታሉ። በግቢው የሚያድሩት መኪኖች አራት ናቸው፦ የአከራይዋ አሮጌ ኮሮላ፣ ምድር ቤት የሚኖሩት የሁለት ቤተሰቦች ቪትዝና ፒክአፕ፣ ሰርቪስ ክፍል የተከራየው የራይድ ሾፌር ሌላ ቪትዝ።

ቪትዝ ቁመቱ 3.7 ሜትር ያህል፣ ጎኑ 1.7 ሜትር ያህል ነው። ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ግን እስከ 5.3 ሜትር ይደርሳል። ይሁንና ቦታ የሚሰጠው በመኪናው ጎን ልክ አይደለም። በር ተከፍቶ ሕፃን የታቀፈች እናት ወይም ከዘራ የያዙ አዛውንት እንዲወርዱ ለአንድ መኪና 2 ሜትር ተኩል ያስፈልጋል። ከ10 ሜትሩ ላይ ወደ ሰርቪሶቹ ለሚያልፍ እግረኛ በአንዱ አጥር ሥር 1 ሜትር ተኩል፣ በሌላው አጥር ሥር ለቧንቧው 1 ሜትር ሲተው 7 ሜትር ተኩል ይቀራል። ይህም ለሦስት መኪና ልክ ይበቃል፤ አራተኛ አይጨምርም። የእግረኛውን መንገድ ነጥቆ፣ እያንዳንዱን መኪና 2.1 ሜትር ውስጥ ጨምቆ አራቱንም ጎን ለጎን ለማቆም መሞከር ይቻላል፤ በወረቀት ላይም ይገባሉ። ነገር ግን የጎን መስተዋት ሲጨመር በመኪኖቹ መካከል የሚተርፈው ሰው በጎኑ እንኳ የማያሳልፍ ክፍተት ነው። በሁለተኛው ሳምንት የተጫረ በር፣ በሦስተኛው ሳምንት ሰላምታ የተነፋፈጉ ጎረቤታሞች ይገኛሉ።

የቁመቱ ስሌትም ራሱን የቻለ ነገር ይናገራል። መኪኖቹ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ቤቱን ተጠግተው ሲቆሙ፣ ከረጅሙ ፒክአፕ ጀርባ እስከ በሩ 5.7 ሜትር ያህል ክፍት ይሆናል። መኪና ዘጠና ዲግሪ ታጥፎ ያለ ችግር እንዲገባና እንዲወጣ ወደ 6 ሜትር ስለሚፈልግ ይህ ጠባብ ቢሆንም ያሠራል። በቀጥታ፣ ያለ መታጠፍ የሚገባው ከበሩ ትይዩ ያለው የመሐል ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ የመሐሉ ቦታ የሚገባው ለባለ ማዕረጉ ሳይሆን ለረጅሙ መኪና ነው። በምሳሌው ግቢ ያንን ቦታ ለዓመታት ይዘው የኖሩት አከራይዋ ናቸው።

አራተኛው መኪና የሚያድርበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ እሱም ከፒክአፑ ኋላ በዚያው መስመር ነው። 5.3 ላይ 3.7 ሲደመር 9 ሜትር ይሆናል፤ እስከ በሩ 2 ሜትር ይተርፋል። የበሩ አንዱ ተካፋች 1.75 ሜትር ስለሆነ 25 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ልዩነት ይዘጋል። ሆኖም ያ መኪና እዚያ እስከ ቆመ ድረስ ከሌሎቹ አንዱም አይወጣም። ለዚህ ቦታ የሚስማማው ማታ መጨረሻ ገብቶ ጠዋት መጀመሪያ የሚወጣ ሰው ነው። በዚህ ግቢ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ የራይድ ሾፌሩ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ይገባል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይወጣል። የደንቡ ፍሬ ነገር ከዚህ ልኬት ወጣ ማለት ነው። የቀረው መናገሩ ነው።

የንግግሩ ጊዜ በራሱ መልእክት አለው። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምሳውን በልቶ የሚያርፍበት እሑድ ከሰዓት፣ 10 ሰዓት አካባቢ፣ ለብዙ ግቢ ይመቻል፤ አርብ ቀትር ግን ሙስሊም ጎረቤት ያለበት ግቢ አይሰበሰብም። መጠራት ያለባቸው ውሉን የፈረሙት አባወራዎች ብቻ አይደሉም። ቧንቧውንና ገመዱን በየቀኑ የሚጠቀሙት እናቶችና የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱ ያልሰሙት የልብስ አጠባ ደንብ ሰኞ ጠዋት ላይ ያበቃል። ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን መስመሮቹ በኖራ ቢሰመሩ ደግሞ ንግግሩ ግማሹን መንገድ ተጉዟል። ተሰብሳቢው ስለማያየው ነገር አይከራከርም፤ የተሰመረው መስመር ውስጥ ገብቶ ቆሞ ይሞክረዋል።

በንግግሩ ውስጥ ምክንያቱ ከትእዛዙ መቅደም አለበት። «ከነገ ጀምሮ» ብሎ የሚጀምር አከራይ ምክንያቱን ከማድረሱ በፊት ጉርምርምታ ይቀበለዋል። የምሳሌዋ አከራይ ንግግር እንዲህ ሊከፈት ይችላል፦

«እንደምን ዋላችሁ፤ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ የጠራኋችሁ ማንንም ልወቅስ አይደለም። ትናንት ከልጄ ጋር ሜዳውን ለክተነዋል። ወርዱ 10 ሜትር ነው። ለእግረኛና ለቧንቧው ሲተው የሚይዘው ሦስት መኪና ነው፤ እኛ ያለን አራት ነው። ያነሰው ሜዳው ነው እንጂ ያጠፋ ሰው የለም። መሐሉን እስከ ዛሬ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ለፒክአፑ ለቅቄያለሁ፤ እኔ ወደ ግራ እሄዳለሁ።»

በዚህ አጭር መክፈቻ ውስጥ ሁለት ነገር ተሠርቷል። አንደኛ፣ ጥፋቱ ከሰው ላይ ተነሥቶ መለኪያው ላይ አርፏል፤ ባለፈው ሳምንት በር ዘግቶ የጠፋው ሰው ስሙ ሳይነሣ በሰላም ተቀምጧል። ስሙ በጉባኤ ቢነሣ ኖሮ ቀሪው ሰዓት የእሱ መከላከያ ይሆን ነበር። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውን ነገር የለቀቁት አከራይዋ ራሳቸው ናቸው። አከራይ ለራሱ መኪና የተለየ ቦታ አስቀርቶ ለሌሎች መስመር ሲያሰምር ደንቡ የጌታ ትእዛዝ ይሆናል። ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ማንም አያከብረውም።

ቀጥሎ የሚመጣው የአራተኛው መኪና ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ንግግሩ ዘለግ ማለት አለበት፣ ምክንያቱም ትልቁ ሥጋት እዚህ ነው። ሌሊት ምጥ የያዛት ወይም ድንገት የታመመ ሰው ቢኖር የሦስቱም መኪና መውጫ በአንድ ቪትዝ ተዘግቷል። «ለአደጋ ጊዜ ይነሣል» የሚል ዐረፍተ ነገር አይበቃም፤ ማን፣ በምን ያህል ጊዜ የሚለው መባል አለበት። በምሳሌው ግቢ የሚሠራው ቃል ይህ ነው፦ መኪናው በዚያ ቦታ የሚያድረው ሾፌሩ ራሱ ግቢው ውስጥ ሲያድር ብቻ ነው፤ ስልኩ ሌሊቱን አይዘጋም፤ በሩ ከተንኳኳ ወዲያው ተነሥቶ ራሱ ያወጣል፤ ክፍለ ሀገር ከሄደ ወይም ሌላ ቤት ካደረ መኪናው እዚያ አይቆምም። ቁልፍ ለዘበኛ መተው ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን ዘበኛው መንጃ ፈቃድ ከሌለው፣ ወይም ሲያንቀሳቅስ የአጥሩን ግንብ ቢነካ፣ ጉዳቱን ማን እንደሚከፍል ያልተባለበት ቁልፍ አዲስ ጠብ ነው። ሾፌሩም ለዚህ ሸክሙ ስብሰባው ፊት ሊመሰገን ይገባዋል፤ ሌሎቹ ተመችቷቸው የሚተኙት በእሱ ንቃት ነው።

ከበሩ ውጭ ያለው መንገድ ግን በንግግሩ ውስጥ መግባት የለበትም። አከራይ በአጥሩ ፊት ያለውን አስፋልት ወይም ኮብል ስቶን ለተከራዮቹ ማከፋፈል አይችልም፤ መንገዱ የከተማው ነው። ድንጋይ ወይም አሮጌ ጎማ አስቀምጦ ቦታ መያዝም ጠቡን ከግቢ አውጥቶ ወደ ሰፈር ማዛወር ነው።

የጋራ ቦታዎች ደንብ ከመኪናው ይልቅ የሚከብደው ከውኃ ጋር ስለሚታሰር ነው። ብዙ አከራዮች «ሰኞ የእገሌ፣ ማክሰኞ የእገሊት» ብለው የልብስ አጠባ ቀን ያከፋፍላሉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ደንብ በመጀመሪያው ሳምንት ይወድቃል፤ የሰኞዋ ባለተራ ውኃ ሳታገኝ ትቀራለች፣ ሐሙስ ሲመጣ ደግሞ የሌላ ሰው ቀን ነው። ስለዚህ ተራው ከቀን ጋር ሳይሆን ከውኃው መምጣት ጋር መያያዝ አለበት። የምሳሌው ግቢ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለው እንበል። ለስድስት ተከራዮችና ለአከራይዋ ቤት፣ ማለትም ለሰባት ቤት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 285 ሊትር ያህል ይደርሳል፤ ይህም 14 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ውኃ በመጣ ቀን እያንዳንዱ ቤት መጀመሪያ 10 ጀሪካን ለመጠጥና ለማብሰያ ይቀዳል፤ ሁሉም ከቀዳ በኋላ ነው ልብስ የሚታጠበው፤ ባለፈው ዙር ያላጠበ ቤት ይቀድማል። ሮቶው የሚጠበቀው ውኃው ለሚጠፋባቸው ቀናት ነው። መኪና በጎማ ቱቦ ማጠብ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም፤ በባልዲና በጨርቅ ግን ማንም አይከለከልም።

የልብስ ገመዱ ብዙ ጊዜ መኪና ከሚቆምበት በላይ ይወጠራል፤ ፀሐይ የሚያገኘው እዚያ ስለሆነ ነው። እርጥብ ልብስ መኪና ላይ ይንጠባጠባል፣ ጠዋት ሞተር የሚያሞቀው ሰው ጭስ ደግሞ ነጩን ነጠላ ያጠቁራል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ገመዱ ወደ ሰርቪሶቹ ጣሪያ ጠርዝ መዛወር ካልቻለ በሰዓት መለየት ይሻላል፤ በምሳሌው ግቢ ጠዋት ሁለቱ መኪኖች ከወጡ በኋላ፣ ከ3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ ሜዳው የልብስ ነው። ኮሮላው በዚያ ሰዓት ቆሞ ቢገኝ የሚንጠባጠብበትን የአከራይዋ ልጅ ይወልውለው።

በሰዓትና በመስመር የማይገዛ አንድ ነገር አለ። ግቢው ውስጥ ሐዘን ከደረሰ ሜዳው የድንኳን ነው። መኪኖቹ ሁሉ ይወጣሉ፣ ገመዱ ይፈታል፣ ወንበር ይደረደራል፤ በዚህ ላይ ማንም ተከራይ ክርክር አያነሣም። ይሁንና ደንቡ ውስጥ ሳይጻፍ ከቀረ፣ ግቢውን ገና ያልተላመደ ሰው የቆመ መኪናውን እንዲያነሣ ሲለመን በሐዘንተኛው ፊት ቅር የሚል ነገር ይፈጠራል። ለበዓል የሚታረደው በግም እንደዚሁ ነው፤ የሚታረድበት ጥግ ፍሳሹ ወደ ቦይ የሚወርድበት እንጂ ወደ ቧንቧው የሚመለስበት መሆን የለበትም። አከራይዋ ቦታውን በእጃቸው ቢያሳዩ ይበቃል።

በቅርብ ዓመታት የተጨመረ ጉዳይ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለች ወዲህ በየግቢው ባትሪ የሚሞሉ መኪኖች በርክተዋል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ ግን ሁለት ሰዓት ተጋግሮበት ይጠፋል፣ ፍጆታውም 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። መኪና ከተራ ሶኬት 2.2 ኪሎ ዋት ብቻ ቢስብም ሌሊቱን 8 ሰዓት ከቆየ 17 ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል ያህል ይቆጥራል። ሁሉም በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙና ሂሳቡን በነፍስ ወከፍ የሚከፍሉ ከሆነ መኪና የሌላት እናት የሌላውን ሰው መንገድ እየከፈለች ነው። መኪናው በግቢው ባይኖርም ንግግሩ አስቀድሞ ቢናገረው ጥሩ ነው፦ ባትሪ የሚሞላው በራሱ መስመርና በራሱ ንዑስ ቆጣሪ ብቻ፣ መስመሩንም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይዘርጋው። በመስኮት የተሳበ ማራዘሚያ ገመድ ከሞቀ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ከሰጠ ወዲያው መነቀል አለበት።

ከዚህ ሁሉ ጋር አከራይ የሚናገረው ቃል ወሰን አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። በውሉ ላይ «አንድ የመኪና ማቆሚያ ጭምር» ተብሎ ከተጻፈ ያ ቦታ ተከራዩ ከተከራየው ነገር አንዱ ነው፤ አከራይ ቦታውን ከግራ ወደ ቀኝ ለማዛወር ሊያግባባ ይችላል፣ በስብሰባ ንግግር ግን ሊያስቀረው አይችልም። ገንዘብ ሲነካ ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ ያሻል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ የኪራይ ጭማሪንም በአከራዩ ፈቃድ ብቻ የሚሆን አላደረገውም። እስከ ትናንት በነጻ ለነበረ ማቆሚያ «ከዚህ ወር ጀምሮ 1,000 ብር» ማለት በሌላ ስም የመጣ ጭማሪ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። በምሳሌው ግቢ አከራይዋ ክፍያ ጨርሶ አለማንሣታቸው ልክ ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት መተላለፊያው፣ ደረጃውና የመኪና ማቆሚያው የቤት ባለቤቶች ሁሉ የጋራ ንብረት ሲሆን የሚያስተዳድረውም የባለቤቶቹ ማኅበር ነው። አንድ ቤት ይዞ ያከራየ ሰው ለተከራዩ የማኅበሩን ደንብ ማስረዳት ይችላል፤ ለሕንፃው ደንብ ማውጣት ግን አይችልም።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ዝምታ ስምምነት መስሎ መወሰድ የለበትም። በግቢ ስብሰባ ላይ ዝም ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አከራዩን ላለማስቀየም ነው ዝም የሚለው፤ ቅሬታው ማታ ቧንቧው ጋ ይወጣል። ስለዚህ አከራይ «ጥያቄ አለ?» ብሎ ከመቀመጥ በየቤቱ የሚነካውን ነገር ለይቶ ቢጠይቅ ይሻላል፦ «ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የምትወጡት?»፣ «ልብስ በሳምንት ስንት ጊዜ ታጥባላችሁ?» የሚሉ ጥያቄዎች መልስ ያመጣሉ። በምሳሌው ግቢ አንዲት እናት ልጃቸው ማታ ከትምህርት ሲመለስ የሚያልፍበት መንገድ ጨለማ መሆኑን ቢናገሩ፣ የእግረኛው አንድ ሜትር ተኩል አምፖል ይፈልጋል ማለት ነው። በአከራይዋ ልኬት ውስጥ ያልነበረ ነገር ተገኘ።

የተስማሙበት ነገር ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ ቀን ተደርጎበት፣ የተገኘው ሁሉ ቢፈርምበት ኋላ «አላልኩም» የሚል አይኖርም። የቀረ ሰው ካለ በማግሥቱ ወረቀቱ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። የመጀመሪያው ወር የሙከራ ነው ብሎ አስቀድሞ ማሳወቅም ደንቡን ያለዝበዋል፤ ሰው ሊሻሻል የሚችልን ነገር ለመሞከር ይደፍራል።

ደንቡ መሥራቱ የሚታወቀው በጠዋቱ ድምፅ ነው። ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥሩንባ የሚነፋ፣ ወይም የሾፌሩን በር የሚደበድብ ሰው በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ከተሰማ ስሕተቱ ያለው በሰዓቱ ድልድል ላይ ነው፤ መስተካከል ያለበትም እሱ ነው። ጀሪካን ተሰልፎ እያለ ቧንቧው ሥር የልብስ ሳፋ ከታየ ደግሞ የውኃው ተራ አልገባም ወይም ለሰባት ቤት አልበቃም ማለት ነው። አዲስ ተከራይ ሲገባ ቁጥሩ ሁሉ ይለወጣል፤ አምስተኛ መኪና ያለው ሰው ቤቱን ከመፈረሙ በፊት ሜዳው እንደማይችል ሊነገረው ይገባል። በኖራ የተሰመረው መስመር አንድ ክረምት አይዘልቅም። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ እንደገና መለካትና መሰመር አለበት።